ለድጋፍ ገንዘብ ገምጋሚ ኮሚቴ፦ ስለ 12ቱ የእጅ ፓምፖች

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ያመለከትነው 12 የእጅ ፓምፖችን ለመጠገን ነው። በቅጹ «የሚጠበቅ ውጤት» በሚለው ቦታ ላይ «12 ፓምፖች ይጠገናሉ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር። አልጻፍነውም፤ ጥገናው ሥራችን እንጂ ውጤቱ አይደለምና። ፓምፑ በሦስተኛው ወር ቢቆም እንኳ ሪፖርቱ ላይ «ተጠግኗል» እንዳለ ይቀራል። እኛ ቃል የምንገባው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ፓምፕ በተበላሸ ጊዜ ሁሉ ከሦስት ቀን በላይ እንደማይቆም ነው።

ይህን የምታረጋግጡት ከእኛ አፍ ሳይሆን ከመዝገብ ነው። በየፓምፑ የተበላሸበትና የተጠገነበት ቀን የሚጻፍበት ደብተር ይኖራል። ጠባቂው በወር አንዴ አንድ ቀላል ፈተና ያደርጋል፦ ውሃ እስኪወጣ ይገፋል፣ ግማሽ ሰዓት ያሳርፋል፣ እንደገና ይገፋል። ከአምስት ግፊት በኋላም ውሃ ካልመጣ የታችኛው ቫልቭ ወይም ቱቦው ያፈሳል ማለት ነው። ፓምፑ ጨርሶ ሳይቆም ችግሩ ይታወቃል።

ከጠየቅነው ገንዘብ ከመቶ 40ው ለመለዋወጫ ነው። አብዛኛው የፒስተን ጎማ፣ ቫልቭና ኩሽኔታ ነው፤ ርካሽ ናቸው፣ ግን ሲያልቁ ከቅርብ አይገኙም። ስለዚህ ለሁለት ዓመት የሚበቃ በአንድ ጊዜ ገዝተን እናስቀምጣለን። 25ቱ ለመካኒክ ክፍያና መጓጓዣ፣ 10ሩ በየፓምፑ ሁለት ጠባቂ ለማሠልጠን ነው። ሁለት ያልነው አንዱ ቢታመም ወይም አካባቢውን ቢለቅ ፓምፑ ያለ ሰው እንዳይቀር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰረዘው ቀሪው 25 ነው። 15ቱ ከጥገና በኋላ ለሚደረግ ክትትል ነው፤ ከተሰረዘ ደብተሩን የሚያነብ አይኖርም፣ የገባነው ቃልም በወረቀት ብቻ ይቀራል። 10ሩ መጠባበቂያ ነው። የዛገ የብረት ቱቦ የሚታየው ፓምፑ ተነቅሎ ሲወጣ ብቻ በመሆኑ፣ ስንቱ እንደሚቀየር አስቀድመን ልንነግራችሁ አንችልም። ያለ እናንተ ደብዳቤ አንነካውም፤ ከተረፈም ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን በዚህ ገንዘብ አይፈታም። የጉድጓዱ ውሃ ከፓምፑ ሲሊንደር በታች ከወረደ፣ አዲስ ጎማ ምንም አይሠራም። ስለዚህ አንድም ዕቃ ሳይገዛ በፊት በየጉድጓዱ ክብደት ያለው ገመድ አውርደን የውሃውን ጥልቀት እንለካለን። ውሃው የወረደበት ጉድጓድ ከተገኘ ከዝርዝሩ እናወጣዋለን፤ የእርሱ ድርሻም የመጀመሪያው ክፍያ ሳይለቀቅ ከበጀቱ ይቀነሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፕሮጀክቱ አስተባባሪዎች