ለአባባ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ዓይንዎ እንዴት ነው? ሰላም ይህን ስታነብልዎት ቀስ ብላ ታንብብ፤ ቁጥሩ ላይ ስትደርስ ደግሞ ሁለት ጊዜ። እኛ ደህና ነን። ናሆም የፊት ጥርሱ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ይወርወርልኝ ብሎ አለቀሰ፤ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ጣሪያውም ተቆልፏል። በመጨረሻ ጥርሱን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩለት፤ ደሴ ስንመጣ የእርስዎ ቤት ጣሪያ ላይ ይወረውራል።

ባለፈው በስልክ ከትርጉም ድርጅቱ የምወስደውን ሥራ ልቀንስ ነው ስልዎት «ያገኘሽውን እንጀራ አትርገጪ» ብለውኝ ነበር። መልስ ሳልሰጥዎት ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ስለዚህ ሥራዬን ከመጀመሪያው ላስረዳዎት።

የምሠራለት የትርጉም ድርጅት ከሆስፒታሎችና ከጠበቆች ጋር ይዋዋላል፣ እኔ ደግሞ ከድርጅቱ ጋር። ተቀጣሪ አይደለሁም፤ ንዑስ ተቋራጭ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ባልቲሞር አንዲት እናት ሐኪም ዘንድ ቀርባ ነበር፣ እኔ አስተረጎምኩላት። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፣ በሰዓት 35 ዶላር፣ 70 ዶላር አገኘሁ። መኪና ማቆሚያ 12 ወሰደ። ለመሄድ አንድ ሰዓት፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት፤ መንገዱን ማንም አይከፍለኝም። ስለዚህ 58 ዶላር ለአራት ሰዓት ነው፣ ነዳጁን ሳልቆጥር። ተቀጣሪ ብሆን ለጡረታና ለሽማግሌዎች ሕክምና የሚገባውን መዋጮ አሠሪዬ ግማሹን ይችልልኝ ነበር፤ እንዲህ ስሆን ግን ሁለቱንም ግማሽ የምከፍለው እኔ ነኝ፣ 15.3 በመቶ ገደማ። ገንዘቡም የሚገባው ከ45 ቀን በኋላ ነው።

ነርሷ «በሚቀጥለውም አንቺ ነሽ የምትመጪው?» አለችኝ። ስልኬን ልሰጣት አልችልም። ውሉ፣ በድርጅቱ በኩል ካወቅሁት ደንበኛ ጋር ለሁለት ዓመት በቀጥታ እንዳልሠራ ይከለክለኛል። ያቺ እናት ሲጨንቃት እጄን የያዘችው እኔን ነው፣ ስሙ ግን የድርጅቱ ነው። እርስዎ የሰፉትን ዩኒፎርም የለበሱት ልጆች ማን እንደ ሰፋው የማያውቁትን ያህል።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ባለፈው ዓመት ድርጅቱ አንድ የልደት ምስክር ወረቀት ላከልኝ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1976 ዓ.ም. የሚል። በ1975 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች የ1976 መስከረም 1 በፈረንጆቹ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ይገፋል። ስለዚህ ኦክቶበር 16 ቀን 1983 ብዬ ጻፍኩ። የድርጅቱ አራሚ በዘልማድ ስሌት 15 አደረገው። የሰውየው ፓስፖርት 16 ይላል። ሁለቱ ወረቀቶች ሳይስማሙ ሲቀሩ ጠበቃው ተቆጣ፣ ድርጅቱም ስህተቱን የእኔ አድርጎ ክፍያዬን ያዘብኝ። ጠበቃውን ደውዬ «እኔ የጻፍኩት ትክክለኛውን ነበር» ልለው አልችልም፤ ማን እንደሆነም አላውቅም። ስሜ የሌለበት ሥራ ማለት ይህ ነው፤ ሲበላሽ ብቻ ባለቤቱ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከስምንት ወር በፊት ለራሴ ደንበኛ መፈለግ ጀመርኩ። ሆስፒታሉን ተውኩት፤ ውሉ ባይከለክለኝም ትልቅ ሆስፒታል ከአንድ ሰው ጋር አይዋዋልም፣ በብዙ ቋንቋ፣ ሌሊትም ቀንም አስተርጓሚ የሚልክለት ነው የሚፈልገው። የሚሆኑኝ አንድ ወይም ሁለት ጠበቃ ያሉባቸው ትናንሽ የኢሚግሬሽን ቢሮዎች ናቸው። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በመንግሥት የጥገኝነት ቢሮ ቃለ መጠይቅ ላይ እንግሊዝኛ ካልቻለ አስተርጓሚ ራሱ ይዞ መቅረብ አለበት፤ በኮሮና ጊዜ መንግሥት ያቀርብ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2023 መስከረም ላይ ያ ቀረ። ጠበቃው ራሱ ማስተርጎም አይችልም፣ ምስክርም አይችልም። ስለዚህ ጠበቆቹ የሚያምኑት ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ለ22 ቢሮዎች ጻፍኩ፤ ድርጅቱ ያገናኘኝ ማንም የለበትም። አምስቱ መለሱ። ሦስቱ ሥራ ሰጡኝ። ሁለቱ አሁን በየወሩ ይደውላሉ። የማስከፍለው በሰዓት 75 ዶላር ነው፣ ከሁለት ሰዓት የማያንስ። አንዲት ጠበቃ ባለፈው ወር የጋብቻ ወረቀት ስትልክልኝ የአባት ስም ሁለት ቦታ በተለያየ ፊደል ተጽፎ አገኘሁት። ደወልኩላት፣ እሷ ደንበኛዋን ጠየቀች፣ በአምስት ደቂቃ አለቀ። አባባ፣ ያን ቀን ደስታዬን ለማን እንደምነግር ጠፋኝ።

ግን መንገዱ ዝግ ያለ ነው። ያለፉት ሦስት ወራት የቀጥታ ገቢዬ 600፣ 450 እና 900 ዶላር ነበር። አንዱ ቢሮ የከፈለኝ ከ70 ቀን በኋላ ነው፣ ሦስት ጊዜ አስታውሼው። ናሆም ያተኮሰው ዕለት ቃለ መጠይቅ ነበረብኝ፤ ድርጅቱ ቢሆን ሌላ ሰው ይልክ ነበር፣ እኔ ግን በንጋት የሥራ ባልደረባዬን ለምኜ ነው የተካሁት። ስለዚህ ድርጅቱን ጨርሼ አልተውም። ሁለት ቀን ብቻ አነሳለታለሁ፣ ሦስቱን እቀጥላለሁ።

እንዲህ ሳደርግ በወር 900 ዶላር ገደማ ይቀርብኛል። ለመናገር የከበደኝ ይኸው ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የምልክልዎት 200 ዶላር 100 ይሆናል፣ እስከ ሐምሌ። ለገናም አልመጣም። የዓይንዎን ቀዶ ሕክምና ገንዘብ ግን ለይቼ አስቀምጫለሁ፣ እሱን ማንም አይነካውም። እባክዎ በእኔ ምክንያት ቀጠሮውን እንዳያራዝሙ።

አባባ፣ እንጀራ መርገጥ አይደለም። እርስዎ የፒያሳውን ሱቅ ዘግተው ለዚያ ነጋዴ ዩኒፎርም ሲሰፉ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤት ድረስ የሚመጡት ደንበኞች «አሁን ጊዜ የለኝም» እየተባሉ ተመለሱ፣ ከዚያ ቀሩ። ስድስት መቶ ሱሪ ሰፍተው ሲያስረክቡ አየሁ፣ እጅዎ በመቀስ አብጦ። ገንዘቡ «መንግሥት ሲከፍለኝ» እየተባለ ከነሐሴ እስከ ጥር ዘገየ፤ የኮሌጅ ምዝገባዬም አለፈ። አንድ ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። ያኔ አንድ ቃል አልነገሩኝም። ሲንጀሩን በጨርቅ ሸፍነው ጀርባዎን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። እኔ በእርስዎ የተቆጣሁ መስሎዎት ነበር፤ አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር። የተቆጣሁት ግን ደሃ ስለሆንን አይደለም። የራስዎን ደንበኞች ስለመለሱ ነው። የወይዘሮ አሰገደችን የሠርግ ቀሚስ እንኳ መልሰዋል።

ምን ፈርተው እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ በየወሩ እርግጠኛ ገንዘብ ሲባል ሰው ምን ያህል እንደሚሸነፍ፣ ልጅ ሲኖር። በየማክሰኞው ባልቲሞር የምነዳው በዚያው ፍርሃት ነው።

የዓይን ሐኪሙ የሰጠዎትን ጠብታ ጠዋትም ማታም ያድርጉ፣ ሰላም በወረቀት ትጻፍበት። የቀዶ ሕክምናውን ቀን ቁርጥ ሲሆን ይንገሩኝ፣ የዚያን ዕለት ሥራ አልቀበልም፣ ስልኩ አጠገብ እሆናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ ነጋዴ ለመጨረሻዎቹ ሱሪዎች በመጨረሻ ከፍሎዎት ነበር?

ልጅዎ