አንድ ነው ወይስ ሰባት? የመዝገብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችሁ ምን ሠራ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። አንድ የእድር መዝገብ አነበብን። ዓመቱን ሙሉ። ሌሎቹ ክበባት ድራማ ሠሩ፣ ችግኝ ተከሉ፣ እኛ ደግሞ አንድ አሮጌ ደብተር ላይ አቀርቅረን "ይሄ 1 ነው 7?" ስንባባል ከረምን።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ነው። የሰፈሩ እድር ዳኛ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው ይዘውልን መጡ። የ1975 ዓ.ም. የገቢና ወጪ መዝገብ ነው። "ልጆቼ፣ ወረቀቱ ሳይበሰብስ ኮምፒውተር ላይ አስገቡልን" አሉ። እኔም ቀላል መስሎኝ ሁለት ወር ይበቃል አልኩ። ይህን ያልኩት ደብተሩን ከመግለጤ በፊት ነው።

ጸሐፊው ጽሕፈታቸው ያምራል። ፊደሉ ላይ ምንም ችግር የለም። ጣጣው አኃዙ ላይ ነው። 1ን ሲጽፉ ከአናቱ ወደ ግራ የምትወርድ ሰረዝ ያደርጉላታል፣ ሰረዟ ስትረዝም 7 ትሆናለች። 7ን ረጋ ብለው ሲጽፉ ወገቡ ላይ ይቆርጡታል፣ ሲቸኩሉ ግን ይተዉታል። ወገቡ የተቆረጠና ራሱ ያጠረ 7 ደግሞ አናቱ ክፍት ከሆነው 4 ጋር መንታ ነው። በግእዝ ቁጥር ቢጽፉ ኖሮስ? እሱም አያድንም፣ ያኔ ደግሞ ፮ እና ፯ ላይ እንጣላ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግነው የእጅ ጽሑፍ ናሙና ማዘጋጀት ነው። ማለትም የማያጠራጥሩ 1፣ 4 እና 7 ፈልገን፣ በስልክ አንስተን፣ አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ለጠፍናቸው። የማያጠራጥር ከየት ይመጣል? አንዷ የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት ያገኘችው። እያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ "1975 ዓ.ም." ተጽፏል። እዚያ ውስጥ አንድ እርግጠኛ 1 እና አንድ እርግጠኛ 7 አለ፣ ያውም በየገጹ። ለ1 ሌላም ምንጭ አለ። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ ስለዚህ ከ10 በላይ ያለ ቀን የሚጀምረው በ1፣ በ2 ወይ በ3 ብቻ ነው። 47 የሚባል ቀን የለም። ለ4 ግን ትንሽ ለፋን። በመጨረሻ ያገኘናቸው መጠኑ በፊደል ጭምር ከተጻፈባቸው ጥቂት መስመሮች ነው። በነገራችን ላይ ቼክ ላይም አኃዙና ፊደሉ ካልተስማሙ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው፣ ምክንያቱም "አንድ"ን "ሰባት" ብሎ የሚያነብ ሰው የለም።

ቅርጹን ከመመልከታችን በፊት ሒሳቡን አንነካም፣ ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ልጆቹም ብዙ አጉረምርመውብኛል። ግን ድምሩ 7 ይፈልጋል ብሎ የመጣ ዓይን 7 ያያል፣ ጭረቷን ሁሉ ሰረዝ ያደርጋታል። ስለዚህ ሁለት ልጆች እየተደበቁ ለየብቻ ያነባሉ። ካልተስማሙ 1/7 ብለው ሁለቱንም ይጽፋሉ። ዐውዱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ዐውዱ እንዴት እንደሚናገር በአንድ ገጽ ላሳያችሁ። የኅዳር ወር ገጽ ነው። ከላይ "ከባለፈው ገጽ የዞረ 1,238.50" ይላል፣ ይሄ ላይ ጥርጣሬ የለም። ቀጥሎ ኅዳር 5፣ ወርኃዊ መዋጮ። መጠኑ ሦስት አኃዝ ነው፣ ሦስቱም ያጠራጥራሉ። 114? 174? 714? 147? ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ከኋላ ጀመርን። መዋጮው በሰው 2 ብር ነው፣ ይህ የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በፊደል ተጽፏል። በ2 ብር የተሰበሰበ ገንዘብ ጎዶሎ አይሆንም። ስለዚህ የመጨረሻው አኃዝ 1ም 7ም ሊሆን አይችልም፣ 4 ነው። ከፊት ያለው ደግሞ 7 ቢሆን 350 ሰው በላይ ከፍሏል ማለት ነው፣ 4 ቢሆን ከ200 በላይ። የአባላቱ ስም ዝርዝር ግን መቶም አይሞላም። ስለዚህ 1 ነው። የቀረው መሃሉ ነው፣ 114፣ 144 ወይም 174። እዚህ ላይ የደረሰኝ ቁጥሩ አዳነን። ከ0503 እስከ 0589 ይላል፣ እግዜር ይስጣቸው አንድም 1፣ 4 ወይም 7 የለበትም። አንዱ ልጅ ፈጥኖ ቀነሰና "86 ደረሰኝ፣ 172 ብር!" አለ። 172 ደግሞ ከሦስቱ አንዱም አይደለም። ጥቂት ግራ ከተጋባን በኋላ ነው የመጀመሪያውን ደረሰኝ እንዳልቆጠረው የገባን። 87 ናቸው። 87 ጊዜ 2፣ 174።

ሁለተኛው መስመር ወንበር ኪራይ ነው፣ 60 ወንበር በ15 ሳንቲም፣ 9 ብር። ገንዘቡ ንጹሕ ነው፣ ቀኑ ግን 11፣ 14 ወይም 17 ነው። የሚቀጥለው መስመር ኅዳር 15 ስለሆነ 17 ወዲያው ወደቀ። ጸሐፊው አጠገቡ "ማክሰኞ" ብለው ጽፈዋል። እዚህ ባሕረ ሐሳብ ገባ። 1975 ላይ 5500 ስንጨምር 7475። ይህን ለ4 ስናካፍል ሙሉው 1868 ነው፣ ሁለቱን ስንደምር 9343። በሰባት ሲገደፍ 5 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያልን ስንቆጥር 5 ቅዳሜ ነው፣ መስከረም 1 ማለት ነው። በየወሩ ሁለት ቀን ስለሚገፋ ጥቅምት 1 ሰኞ፣ ኅዳር 1 ረቡዕ። ስለዚህ ኅዳር 14 ማክሰኞ ነው፣ 11 ደግሞ ቅዳሜ። አለቀ። ይህ መንገድ ለ1፣ 4 እና 7 ሁልጊዜ ይሠራል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 3 ወይም 6 ቀን ስለሆነ አንድ ዕለት ላይ አይገናኙም። ኅዳር 5 ደግሞ እሑድ ወጣ፣ እድር የሚሰበሰብበት ቀን፣ ሳናስበው ማረጋገጫ ሆነን።

ሦስተኛው መስመር ኅዳር 15፣ ለሐዘንተኛ የተከፈለ 150 ብር ወጪ። ከዚያ የገጹ ቀሪ፦ 1,2?1.50። የአሥር ቤቱ ላይ 1 ወይም 7።

እዚህ ላይ ነው የዓመቱ ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሳው። ግማሾቹ የሚቀጥለውን ገጽ ገልጠው "የዞረ 1,211.50 ይላል፣ በግልጽ ተጽፏል፣ ስለዚህ 1 ነው" አሉ። ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ማንም ኦዲተር መጀመሪያ የሚያየው የዞረውን ነው። የቀሩት ግን ደመሩ። 1,238.50 ሲደመር 174 ሲደመር 9፣ ሲቀነስ 150፣ ውጤቱ 1,271.50 ነው። ሁለት ደንብ፣ ሁለት መልስ። ልዩነቱ ልክ 60 ብር።

60 ብር ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። 1 እና 7 ሲምታቱ ልዩነቱ 6 ነው፣ በአሥር ቤት 60፣ በመቶ ቤት 600። 1 ከ4፣ ወይም 4 ከ7 ሲምታታ 3፣ 30፣ 300 ነው። ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ ደግሞ ሁለት አኃዝ ቦታ ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል፣ 27 ለማለት 72 እንደመጻፍ። ስለዚህ ሒሳብ ሲጎድል "ስንት ጎደለ?" ብቻ ሳይሆን የጎደለው ምን ይመስላል ብሎ ማየት ነው። አንዱ ልጅ አኃዞቹን ደምሮ በ3 እየገደፈ ሊያጣራ ሞክሮ ሁሉም ልክ ሲሆንበት ተገርሟል። 1፣ 4 እና 7 በ3 ሲገደፉ ሁሉም 1 ያተርፋሉ፣ ስለዚህ ያ ዘዴ ለእኛ በሽታ ዕውር ነው። በ9 መግደፍ ያያቸዋል፣ ሁለት ስህተት ተጋግዞ ካልተጣፋ በቀር።

ኤክሴል ላይ በየመስመሩ ይህችን አስገባን፣ D ገቢ፣ E ወጪ፣ F ቀሪ ነው፦

```
=F5+D6-E6-F6
```

0 ካልመጣ መስመሩ ይቀላል። በዚህ ገጽ ላይ 1,211.50 ካስገባን 60 ይመጣል፣ 1,271.50 ካስገባን ግን ቀዩ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሸሻል። ገፋነው እንጂ አላጠፋነውም።

መልሱን ያገኘነው ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ የሐምሌ ገጽ ላይ ስንደርስ ነው። አንድ መስመር እንዲህ ይላል፦ "በቆጠራ የተገኘ ብልጫ፣ 60.00"። ልጆቹ ጮኹ፣ የጎረቤት ክፍል መምህር በር አንኳኳ። ጸሐፊው ራሳቸው ናቸው የተሳሳቱት! ቀሪውን 1,271.50 ብለው በትክክል ጽፈው፣ ወገቡን ሳይቆርጡ ትተው፣ ገጹን ሲገልጡ የገዛ 7ታቸውን 1 ብለው አነበቡት። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በወረቀት ላይ 60 ብር ጎድሎ ሄደ፣ ሳጥኑ ውስጥ ግን ብሩ ነበር። ለዳኛው ስነግራቸው "እኛ እኮ ያን ጊዜ ማን ደብቆ መለሰው ብለን ስንት ተጣልተናል" አሉኝ።

ታዲያ ምን ብለን አስገባን? የኅዳር ገጽ ላይ 1,271.50፣ የሚቀጥለው ገጽ ላይ 1,211.50 እንዳለ። አላረምንም። የእኛ ሥራ የተጻፈውን ማንበብ ነው፣ ሒሳቡን ማሳመር የኦዲተር ነው። ምክንያቱን ከጎኑ ባለው አምድ ጻፍን፣ የሐምሌውን መስመር ጠቅሰን።

ሁሉም ግን አልተፈታም። ጥር ላይ አንድ "ልዩ ልዩ ገቢ" አለ፣ 1 ብር ወይም 4 ወይም 7። ደረሰኝ የለውም፣ ዝርዝር የለውም፣ ቀሪው ላይ ደግሞ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ቀለሙ ተሰራጭቷል። የቀጣዩ ገጽ የዞረ ይረዳ ነበር፣ ግን ከኅዳር በኋላ የዞረ ላይ ያለን እምነት ተሸርሽሯል። 1/4/7 ብለን ተውነው። አንዷ ተማሪ "አማካዩ 4 ነው፣ 4 እንበለው" ብላ ነበር፣ በድምፅ ብልጫ ተሸነፈች።

ዳኛው ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውን ደብተር አመጡ። የ1977 ነው፣ በሌላ ጸሐፊ እጅ የተጻፈ። የናሙና ወረቀታችን ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው። ግን ራስጌው ላይ ሁለት 7 አለ።