የነቀዝ ክኒን መኝታ ቤት ምን ይሠራል?

ውድ አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ የእህል ዋጋ ሲያወጣ ሳላይ አላልፍም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብዙ ቤተሰብ የዓመት ቀለቡን የሚሸምትበት ጊዜ ነው። አዲስ እህል ይገባል፣ ሰውም ስንዴውን፣ ባቄላውን፣ ሽምብራውን በኩንታል ያስገባል። እህሉ ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚደረግበት ግን ብዙ ሲጻፍ አላይም። ጡረታ እስክወጣ በሰብል ጥበቃ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ጥር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ከላይኛው ፎቅ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። «ጋሼ፣ ልጆቼ ሁለቱም ያስመልሳቸዋል፣ ራሴን ራሴን እያሉ ነው። እራት ላይ የበሉት ይሆን?» አለችኝ። አብሬያት ወጣሁ። የልጆቹ ክፍል በር ላይ ስደርስ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። «ሽንኩርት ከትፈሽ ነበር?» አልኳት። «ኧረ እኔ ዛሬ ሽንኩርት አልነካሁም» አለች። ከበሩ ጀርባ ሁለት ማዳበሪያ ስንዴ ቆሟል። ያኔ ገባኝ።

ልጆቹን ተሸክመን ወደ ግቢው ወረድን። መስኮቱን የከፈትኩት እየወጣሁ እያለ ነው። አምቡላንስ ጠርተን ሆስፒታል ገቡ። ሁለት ቀን ተኝተው ወጡ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናቸው።

ስንዴውን የሸጠላት ሰው ስድስት ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጥቷታል። «በየማዳበሪያው ሦስት ሦስት ጣይበት፣ ነቀዝ የሚባል አታዪም» ነው ያላት። ስሙን አልነገራትም፣ የምታነበው ጽሑፍም አልነበረውም። እሷም እንደተባለችው እህሉ ውስጥ ጥላ አፉን በሲባጎ አሰረችው። ሌላ ቦታ ስላልነበራት ልጆቿ ክፍል አቆመችው።

ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ክኒኑ ራሱ ነቀዝ አይገድልም። አየር ላይ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ የሚገድለው ጋዙ ነው። አንዱ ክኒን 3 ግራም ይመዝናል፣ 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ነፍሳትን ብቻ መርጦ አይገድልም። አይጥንም፣ ድመትንም፣ ሕፃንንም ይገድላል። ማርከሻም የለውም። ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው ኦክስጅን መስጠትና ልብንና ሳንባን መደገፍ ነው።

የዚያችን ክፍል ሂሳብ እንሥራ። ወለሉ 3 በ4 ሜትር ነው፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል። 30 ሜትር ኩብ አየር ማለት ነው። ስድስቱ ክኒኖች 6 ግራም ጋዝ ይለቃሉ። ሁሉም ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ቢቀር፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ከ140 በላይ የሚሆነው ፎስፊን ይሆናል። ለሕይወት ወዲያው አደገኛ ተብሎ የተቀመጠው መጠን 50 ነው። ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት እንዳያልፈው የሚባለው ደግሞ 0.3 ብቻ ነው። እርግጥ ጋዙ ባንዴ አይወጣም፣ ከፊሉም በስንጥቅ ያመልጣል። ነገር ግን ሲሶው ብቻ ክፍሉ ውስጥ ቢጠራቀም 50 አካባቢ ይደርሳል። መስኮት ተዘግቶ፣ በር ተዘግቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ልጆች እየተነፈሱት ማለት ነው።

የሽንኩርቱ ሽታ ስለረዳኝ ሰው ሽታን ይመን ማለቴ አይደለም። ሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከጋዙ ጋር ከሚወጡ ሌሎች ነገሮች ነው የሚመጣው። ጋዙ አደገኛ ሆኖ ሳለ ምንም ላይሸት ይችላል። አንዱ የነጭ ሽንኩርት፣ ሌላው የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ነው ይላል። ክኒን ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የደረት መጨነቅ ወይም ትንፋሽ ማጠር ሲመጣ ምግብ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይውጣ። ከዚያ 907 ወይም 939 ይደወል። ከተገኘ የክኒኑ ማሸጊያ ለሐኪሙ ይታይ።

ክኒኑን ለማምከን ብሎ ውኃ ማፍሰስ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በአውሮፓውያን 2017 ጥር ወር መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ አማሪሎ ከተማ፣ አንድ አባት አይጥ ለማጥፋት ከቤቱ ሥር ያስቀመጠውን የዚህኑ ዓይነት መርዝ በውኃ ሊያጥብ ሞከረ። እርጥበቱ ጋዙን ባንዴ ለቀቀው። ጋዙ በወለሉ በኩል ገብቶ አራት ልጆቹ ሞቱ።

ይህ ሁሉ አደጋ ቢያንስ ነቀዙን ቢያጠፋ አንድ ነገር ነበር። አያጠፋውም።

እንስቷ ነቀዝ የስንዴውን ፍሬ ትበሳለች፣ ቀዳዳው ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፣ ላዩን ትደፍነዋለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ የሚያድገው ፍሬው ውስጥ ተቀምጦ እየበላ ነው። ከውጭ ስታዩት ፍሬው ጤነኛ ይመስላል። በ27 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ነቀዝ 5 ሳምንት አካባቢ ይፈጅበታል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርድ ከዚያም ይረዝማል። እንቁላሉና ከእጭ ወደ ነቀዝ እየተለወጠ ያለው ሙሽሬ ጋዙን ከነቀዙ ይበልጥ ይቋቋማሉ። እነሱን ለመግደል ጋዙ እንዳይወጣ ታሽጎ ቢያንስ ሳምንት ያህል መቆየት አለበት። የተሸመነ ማዳበሪያ ደግሞ ወንፊት ማለት ነው። ጋዙ ቶሎ ወደ ክፍሉ ይወጣል፣ የሚሞተው ላይ ላዩን የሚሄደው ነቀዝ ብቻ ይሆናል። ባለቤቷ የሞቱ ነቀዞች አይታ «ሠርቷል» ትላለች። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ፍሬው ውስጥ የነበረው ይወጣል፣ ሌላ ክኒን ይገዛል። የጎረቤቴ ስንዴ ከዚያ ሌሊት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። መጋቢት ላይ እፍኝ አንስቼ ስዘረጋው ክብ ክብ ቀዳዳ ያለው ፍሬ ሞልቶታል፣ ነቀዙም ጣቴ ላይ ይወጣል።

ክኒኑ በሥርዓቱ ሲሠራ አውቃለሁ፣ ሠርቼበታለሁ። ሰው በማያድርበት መጋዘን ነው። የእህሉ ክምር በወፍራም ላስቲክ ይሸፈናል፣ ዳርዳሩ በአሸዋ ከረጢት ይደፈናል፣ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። ለ1 ቶን እህል የሚገባው ከ2 እስከ 5 ክኒን አካባቢ ነው። ጎረቤቴ በሁለት ኩንታል ስድስት ጣለች፤ በቶን ሲሰላ 30 ይሆናል። ሲያበቃም ጋዙ መውጣቱ በመሣሪያ ሳይለካ ሰው አይገባም። ይህን ማድረግ የሚችል ቤተሰብ የለም፣ እንዲያደርገውም አይጠበቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ፣ ጤፍ ላይ ክኒን አትጣሉ። ብዙ ሰው ከልማድ ይጥላል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ ሊያድግበት አይችልም። ገበሬዎቻችን ይህን ስለሚያውቁ ነው ባቄላና ሽምብራን ከጤፍ ጋር ደባልቀው የሚያስቀምጡት። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላና ነቀዙን መላወሻ ያሳጣዋል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል።

ለስንዴ፣ ለበቆሎ፣ ለባቄላ ያለ መርዝ የሚሠራው አየር ማሳጣት ነው። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ለዚህ የተሠራ ነው። ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ ማዳበሪያ ከውጭ። እህሉ ይሞላል፣ አየሩ በእጅ እየተጫነ ይወጣል፣ የመጀመሪያው ላስቲክ አፉ ተጠምዝዞ ታጥፎ ይታሰራል፣ ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ከዚያ ማዳበሪያው። ውስጥ ያለው ነቀዝና እጭ በራሱ ትንፋሽ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ከዚያ መብላት ያቆማል፣ ደርቆ ይሞታል። ቢያንስ አንድ ወር አይከፈት። በየሳምንቱ የሚከፈት ከሆነ አየር እየቀለባችሁት ነው። ስለዚህ ለወር የሚበቃውን ለብቻው አውጥታችሁ ሌላውን እንደታሰረ ተዉት። ከረጢቱ ካልተገኘ ንጹሕ የደረቀ የዘይት ጀሪካን እስከ አፉ ተሞልቶ ክዳኑ ጥብቅ ከተደረገ ይሠራል። ግማሽ ሲሆን ግን አይሠራም፣ የቀረው አየር ለነቀዙ ይበቃዋል። የመድኃኒት ጀሪካን ደግሞ መቼም ቢሆን፣ ቢታጠብም፣ ለእህል አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እርጥብ እህል አየር በሌለበት ከታሸገ ይሻግታል፣ የሻገተውን መብላት ከነቀዙ የባሰ ነው። መድረቁን በጨው ማወቅ ይቻላል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ እህልና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ክደኑ፣ ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐይ ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ የዋለው ሳይበርድ አይታሰር፣ ላቡ ውስጥ ይቀራልና። እህሉ የደረሳችሁ ነቅዞ ከሆነም በመጀመሪያ ንፉት፣ ፀሐይ ላይ ስስ አድርጋችሁ አውሉት፣ ከዚያ እሰሩት።

አይጥ ላስቲኩን ከበሳው ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ከረጢቱ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ጣውላ ላይ ይቀመጥ፣ ዙሪያውም ይጠረግ። እህል ባለበት ክፍል የአይጥ መርዝ ከምትበትኑ ወጥመድ አድርጉ። መርዙን አይጧ ጎትታ እህሉ ውስጥ ልትጥለው ትችላለች። በረሮም ቢሆን የሚኖረው ውኃና ፍርፋሪ ስላገኘ ነው። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሳይጠገን፣ ሌሊት ሳህን ሳይታጠብ እያደረ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ስም የለሽ ፈሳሽ ቁም ሳጥን ውስጥ መርጨት መርዙን ሳህናችሁ ላይ ማድረግ ነው።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለን። ክኒኑ ግን ዛሬም ማሸጊያም ጽሑፍም ሳይኖረው በፍሬ ይሸጣል። የሚመለከታቸው ይህን እንዲያዩት እጠይቃለሁ።

ከእናንተ የምጠይቀው ደግሞ ትንሽ ነው። በታኅሣሥና በጥር የእህል ዋጋ ስታወጡ፣ ከሰንጠረዡ ሥር ሁለት መስመር ጨምሩልኝ፦ «ጤፍ የነቀዝ ክኒን አያስፈልገውም። የትኛውንም እህል ክኒን ጥላችሁ ሰው በሚያድርበት ቤት አታስቀምጡ።»

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ