ቦንዳው ሳይከፈት አይቆጠር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ልባሽ ጨርቅ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ከውጭ የሚገባውን ያገለገለ ልብስ በሙሉ «ድጋሚ ጥቅም ላይ የዋለ» ብለው ቆጥረውታል። ዕድሜዬን ልብስ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና በዚህ አልስማማም። ወደብ የደረሰ ልብስ ሁሉ አይለበስም።

አንድ ሸሚዝ እንውሰድ። ድሮ ኮሌታው ሲያልቅ ስፌቱን በምላጭ ፈትቼ፣ ኮሌታውን ገልብጬ፣ ያልተነካውን ገጽ ወደ ላይ አድርጌ መልሼ እሰፋው ነበር፤ ባለቤቱም ሌላ ጥቂት ዓመት ይለብሰዋል። አሁን የሚመጣልኝ ርካሽ ሸሚዝ ኮሌታው ውስጥ ያለው ማጠንከሪያ በሙጫ የተጣበቀ ነው። ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ሙጫው ይለቅና ጨርቁ ያብጣል። ብገለብጠውም በዚያኛው በኩል የሚጠብቀኝ ያው እብጠት ነው። የሚለጠጥ ጂንስም ከዚህ አይሻልም፤ ጭኑ ላይ የተቀደደውን ከውስጥ ጨርቅ ደርቤ ልጥፈው እችላለሁ፣ የሞተውን ላስቲክ ግን የሚመልስ መርፌ የለም። ልብስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ወደ ብርሃን የማነሳውም ለዚህ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጨርቅ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ ክሩ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ዛሬ የሰፋሁት በሳምንቱ ከስፌቱ አጠገብ ይተረተራል።

«የማይጠገነው ተፈትቶ እንደገና ክር ይሆናል» የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ከስፌቱ ጠርዝ አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸትና አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የማየው ሁለቱንም ነው፤ በአመዱ ውስጥ ጠብታ። እንዲህ ያለውን ድብልቅ መለየት ውድ ነው። ንጹሕ ጥጥ ቢሆን እንኳ ማሽን ሲዘነጥለው ቃጫው ስለሚያጥር ካዲስ ቃጫ ጋር ካልተደባለቀ ጥሩ ክር አይወጣውም። ስለዚህ አብዛኛው የማሽን መወልወያ ወይም የፍራሽ መሙያ ይሆናል። ይህን አልንቅም፤ ግን መወልወያው ቆሽሾ ሲጣል ታሪኩ እዚያው ያበቃል።

አሁን ወደ ቦንዳው ልምጣ። አክራ፣ ጋና ውስጥ ካንታማንቶ የሚባል ገበያ አለ። ነጋዴዋ 55 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቦንዳ ሳትከፍት ትገዛለች፣ ብዙ ጊዜም በብድር። ምርጡ ልብስ ገና ከላኪው አገር ሳይወጣ ተለይቶ እዚያው ቀርቷል። ማሰሪያው ሲበጠስ ከጥሩ ጃኬት ጋር ብብቱ የቢጫ ላብ የያዘ ካናቴራና እግሩ ያለቀ ሱሪ አብሮ ይወጣል። መመለስ የለም፤ ለቆሻሻውም በኪሎ ከፍላለች። በዚያው ገበያ አጣቢው፣ ቀለም ነካሪውና ሰፊው ከዚህ ውስጥ የሚለበስ ለማውጣት ይሠራሉ። (እንደኔ ከሆነ ከዓለም ታላላቅ የጥገና ሥፍራዎች አንዱ ይኸው ገበያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መባቻ በእሳት መጋየቱን ስሰማ ሐዘን ተሰምቶኛል።) እነሱም ያልቻሉት ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ማዕበሉ እንደ ገመድ ገምዶ አሸዋው ላይ ይተፋዋል።

ይከልከል የሚሉ አሉ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪሎ 20 የአሜሪካ ሳንቲም የነበረውን ቀረጥ ወደ 2 ዶላር ከ50 አደረሰችው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሩዋንዳ ለሚገባው ልብስ ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች። ትንሽ አገር ብቻዋን በሯን ስትዘጋ የሚከተለው ይህ ነው።

የኔ ጥያቄ ከበሩ ይልቅ ላኪውን ይመለከታል። ፈረንሳይ ውስጥ አምራች ለሚሸጠው ለእያንዳንዱ አዲስ ልብስ ትንሽ መዋጮ ይከፍላል፤ ከ2023 ጀምሮ ከዚሁ ገንዘብ ልብሱን ለሚያስጠግን ሰው ድጎማ ይሰጣል። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ሸሚዙ ተጭኖ አክራ ሲሄድ መዋጮው አብሮት አይሄድም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከጥር 2025 ጀምሮ ያረጀ ጨርቅን ለብቻ እንዲሰበስቡ ግዴታ ስላለባቸው የሚጫነው ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ቦንዳው ከመጫኑ በፊት ተከፍቶ በደረጃ ይለይ፤ ሊለበስ የማይችለው እዚያው ይቅር፤ መዋጮውም ጠጋኙ ወዳለበት ይከተለው።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩን ከወደብ ሚዛን ሳይሆን ቦንዳው ከተከፈተበት ጠረጴዛ ይውሰዱ፤ ስንቱ እንዳለ ተሸጠ፣ ስንቱ ተጠግኖ ተሸጠ፣ ስንቱስ ማታ በጆንያ ታስሮ ወጣ?

ከአክብሮት ጋር
አንድ ልብስ ሰፊ