የምዘና ነጥብና የሥልጠና ዕቅድ ይገናኙ፤ ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የኮሚሽኑ ኮሚሽነር፣

በሰው ሀብት ሥራ ላይ የቆየሁ ባለሙያ ነኝ። የምጽፍልዎ በየስድስት ወሩ ስለሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሠራተኛውን ጠንካራና ደካማ ጎን መለየትንና የሥልጠና ፍላጎትን ማወቅን ከምዘናው ዓላማዎች መካከል አስቀምጦ ነበር። በተግባር ግን ቅጹ ተፈርሞ ከግል ማኅደር ጋር ከተያያዘ በኋላ የሚፈለገው ድምር ነጥቡ ብቻ ነው።

ድምሩ ምን እንደሚሸፍን በምሳሌ ላሳይ። አንድ የግዥ ባለሙያ ሦስት ተግባራት አሉት እንበል፤ የጨረታ ሰነድ ዝግጅት 40 በመቶ፣ የውል ክትትል 30 በመቶ፣ ሪፖርት 30 በመቶ ክብደት ተሰጥቷቸዋል። በመጀመሪያው 60፣ በሁለቱ ደግሞ 95 ቢያገኝ ድምሩ 81 ይሆናል። ማንም በ81 አይደነግጥም፤ ሰነዶቹ ግን በስህተት ምክንያት እየተመለሱ ግዥው ይጓተታል። ሥልጠና ሲመጣም ባለሙያው የሚላከው ተራው ስለደረሰ እንጂ የጨረታ ሰነድ ስላስቸገረው አይደለም።

ያ 60 ራሱ በቅጹ ላይ መጻፉም ያጠራጥራል። ነጥቡ ለእርከን ጭማሪና ለደረጃ እድገት ውድድር ስለሚያገለግል፣ የቅርብ ኃላፊው ዝቅተኛ ነጥብ መስጠትን የባልደረባውን እንጀራ እንደ መንካት ይቆጥረዋል (ቅሬታ ሰሚ ፊት መቆሙም አያጓጓውም)። ይህን ልቅነት ለማወቅ የቡድኑን አባላት አማካይ ነጥብ ከቡድኑ የዕቅድ ክንውን ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ ዕቅዱ 70 በመቶ ላይ ቆሞ ሠራተኞቹ ሁሉ ከ90 በላይ ካገኙ፣ ዕቅዱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት እስካልተስተጓጎለ ድረስ፣ ነጥቡ ሊመረመር ይገባል። ሌላው አድልዎ ከማስታወስ የሚመጣ ነው፤ የጥር ወር ሥራ በሰኔ ስለሚረሳ፣ በበጀት መዝጊያው ሩጫ ጎልቶ የታየው ሠራተኛ የስድስቱን ወር ነጥብ ይወስዳል።

የግዴታ ኮታ አውጥቶ ከየቡድኑ ጥቂቶችን ዝቅ ማድረግ ግን መፍትሔ አይመስለኝም፤ አምስት ሰዎች ባሉበት ቡድን ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም። ይልቅ ኃላፊውና ሠራተኛው በየወሩ በግማሽ ገጽ የሠሩትንና ያልተሳካውን መዝግበው ይፈራረሙ፤ ኃላፊዎችም ነጥቡ ከመጽደቁ በፊት መዝገባቸውን ይዘው ተገናኝተው አንዱ ለሌላው ያስረዳ።

ከሁሉ በላይ የምጠይቀው ግን የልማት ውይይቱ ነጥብ ከሚሰጥበት ወር እንዲለይ ነው። እርከኑ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ድክመቱን የሚናገር ሠራተኛ አይኖርም። ነጥቡ በሰኔ ከጸደቀ፣ ውይይቱ በነሐሴ ቢካሄድና ከድምሩ ይልቅ ዝቅተኛ ነጥብ ባገኘው ተግባር ላይ ቢያተኩር፣ ለግዥ ባለሙያው የሚያስፈልገው ልምድ ካለው ባልደረባ ጋር ሁለት የጨረታ ሰነዶችን ማዘጋጀት ሊሆን ይችላል። መማሩም የሚለካው በሚቀጥለው ግማሽ ዓመት ስንት ሰነድ እንደተመለሰበት በመቁጠር ነው፤ የምስክር ወረቀት ብቻውን ይህን አያሳይም። ኮሚሽኑ ይህን አሠራር በጥቂት ተቋማት በአንድ የበጀት ዓመት እንዲሞክረው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር፣
አንድ የሰው ሀብት ባለሙያ