አቮካዶውን ከውሃው አውጣው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ። ጤናህ እንዴት ነው? እህትህ አንተ ጋ ሰንብታ ስትመለስ ያየችውን ሁሉ ነገረችኝ። እሷን እንዳትቆጣት፣ እኔው ነኝ ያደረቅኳት። ሥራው እንደተስማማህና ቤትህን በንጽህና እንደያዝክ ስሰማ ደስ አለኝ። የፍሪጅህ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ግማሽ አቮካዶ ከነልጣጩ ሳህን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አገኘሁ አለችኝ።

ስልክ ላይ አይተህ እንደሆነ አውቃለሁ። አየር ስለማያገኘው አረንጓዴነቱ አይለወጥም፤ እሱ እውነት ነው። ችግሩ ልጣጩ ላይ ነው። ሳልሞኔላ ወይም ሊስቴሪያ የሚባለው ጀርም ልጣጩ ላይ ካለ ውሃው ውስጥ ይራባል። ሊስቴሪያ ደግሞ ብርድ አይበግረውም፣ ፍሪጅ ውስጥም ያድጋል። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ወደ ሥጋው ሊዘልቅ ይችላል፤ ያኔ ልጣጩን ብታጥበውም ዋጋ የለውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ነገር እንዳታደርጉ ብሎ አስጠንቅቋል። አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ ሆድህ ስስ ነው። አቮካዶ ውሃ ውስጥ አታስቀምጥ።

እንዲህ አድርግ። ሳትቆርጠው በፊት ልጣጩን እጠበው፣ ቢላው ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባልና። ፍሬ የሌለበትን ግማሽ ብላና ፍሬ ያለበትን አስቀምጥ። ፍሬው የሚጠብቀው ከሥሩ ያለውን ብቻ ስለሆነ በእሱ አትተማመን። ሥጋው ላይ ሎሚ ጨምቀህ በጣትህ ቀባው። ከዚያ ስስ ላስቲክ ሥጋው ላይ ለጥፍ፤ ከላይ ሸፈን ማድረግ ሳይሆን አየር እንዳይቀር እስኪጣበቅ ተጫነው። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይቆይልሃል። ላዩ ቡናማ ከሆነ አልተበላሸም፣ አየር ነክቶት ነው፤ በማንኪያ ፋቅ አድርገህ ብላው። ከሟሸሸ ወይም ከኮመጠጠ ግን ጣለው። አደራ፣ ውሃ ውስጥ አይሁን።

ግማሽ ሽንኩርት ይመረዛል ብለህ ትጥላለህም አሉ። ማን ነገረህ? የተቆረጠ ሽንኩርት ከአየር ላይ መርዝ አይስብም። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርገህ ፍሪጅ ካስገባኸው ሳምንት ይቆያል። የሥሩን በኩል አትቁረጠው፣ ቅጠሎቹን አንድ ላይ የያዛቸው እሱ ነው። የብርጭቆ ዕቃ ተጠቀም፤ ፕላስቲክ ሽታውን ይዞ ይቀራል። ካዝለገለገ ወይም ሻጋታ ካየህበት ጣል።

ቲማቲም ሳስብ አያትህ ትዝ ትለኛለች። ቲማቲሞቿን ሁሌ ተገልብጠው፣ ከተክሉ የተቀነጠሱበት ጠባሳ ወደ ታች ሆኖ ነበር የምትደረድራቸው። ሌላ ሰው አቃንቶ ካስቀመጣቸው ተነስታ ትገለብጣቸዋለች። ለማማር ይመስለኝ ነበር። ካረፈች በኋላ ነው ምክንያቱን ያነበብኩት፤ የቲማቲም ውሃ የሚተነው በአብዛኛው በዚያ ጠባሳ ነው፣ ሻጋታም የሚገባው በእሱ ነው። እሷ ማንበብ አትችልም ነበር። ከማን ተማረችው? አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስልጥ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም። ይኸው አሁን የሚመልስልኝ የለም። ስንት ነገር ይዛ እንደሄደች ሳስብ ሆዴ ይባባል። አንተ የምትጠይቀኝ ነገር ካለ ደውል፣ መሽቷል አትበል።

ለማንኛውም ያልበሰለ ቲማቲም ፍሪጅ አታስገባ፤ ብርዱ ጣዕሙን ይገድለዋል። ከፍሪጅ ውጭ ገልብጠህ አብስለው፤ ከቤት ውጭ ማለቴ ግን አይደለም፣ እዚያው ኩሽና ውስጥ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አድርገው። በጣም በስሎ ሊፈርስ ከደረሰ ፍሪጁ ይሻለዋል፤ ከመብላትህ በፊት ቀደም ብለህ አውጣው። የተቆረጠው ግን ምንጊዜም ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ነው።

የድንብላል ቅጠልህ ቢጫ የሚሆነው ከበሰለ ቲማቲምና ከአቮካዶ ጋር ስለምታስቀምጠው ነው። ሁለቱ የሚያወጡት ጋዝ ቅጠል ያስረጃል። ለይተህ፣ ግንዱን ጫፉ ላይ ቆረጥ አድርገህ፣ ትንሽ ውሃ ባለው ብርጭቆ አቁመው። ላዩን ፌስታል አልብሰህ ፍሪጅ አስገባው፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይር። በሶብላ ከሆነ ከነብርጭቆው ከፍሪጅ ውጭ ይቀመጥ፤ ብርድ ያጠቁረዋል። ውሃ የሚፈልገው ቅጠሉ ነው ልጄ፣ አቮካዶው አይደለም።

ያንን ሳህን ዛሬውኑ ድፋው። ውስጡ ያለውንም እንዳትበላው፣ ያሳዝናል ብለህ እንዳታስተርፈው። ሳህኑን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠብ፣ የፍሪጁንም መደርደሪያ ጥረገው። ስትጨርስ ደውልልኝ።

እናትህ