ኦቨንሽ ላይ 350 ስለሌለ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽልኝን የኬክ ፎቶግራፍ ደጋግሜ አየሁት። ላዩ ጠቁሯል፣ መሀሉ ተሰንጥቋል፣ በስንጥቁም ያልበሰለ ሊጥ ወጥቷል። በዱቄቱና በእንቁላሉ አትፍረጂ፤ ጥፋቱ የቁጥሩ ነው። እህቴ ከአሜሪካ የላከችው ወረቀት 350 ይላል፣ ያንቺ ኦቨን ደግሞ 250 ላይ ያበቃል፤ አንቺም ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርሽው። ነገር ግን የእሷ 350 ፋራናይት ነው፣ ያንቺ 250 ሴልሺየስ ነው። 250 ሴልሺየስ በእነሱ አቆጣጠር ወደ 480 ይጠጋል። ላዩ ቶሎ ደርቆ ቅርፊት ስለ ሠራ፣ ውስጡ ሲነፋ መውጫ አጥቶ ሰነጠቀው።

ለኦቨን ሥራ አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ የፋራናይቱን ቁጥር ለሁለት ክፈዪው። 350 ቢልሽ 175 ላይ አድርጊ፤ ትክክለኛው 177 ነው፣ ኬክ ደግሞ የሁለት ዲግሪ ልዩነት አያውቅም። 400 ቢልሽ 200 ላይ አድርጊ፤ ትክክለኛው 204 ነው። 450 ሲሆን ግን ግማሹ 225፣ ትክክለኛው 232 ስለሆነ ማዞሪያውን ትንሽ ገፋ አድርጊው።

አባባ «ይህ ሒሳብ አይደለም» ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ለእሱ እጽፋለሁ። ሴልሺየስን ወደ ፋራናይት ለመቀየር ቁጥሩን እጥፍ ታደርግና ከእጥፉ አንድ ዐሥረኛውን ቀንሰህ 32 ትደምራለህ። 160ን ውሰድ፤ እጥፉ 320 ነው፣ ዐሥረኛው 32 ነው። 32 ቀንሰህ 32 ስትደምር እዚያው 320 ላይ ትቀራለህ። እጥፉ ልክ የሚሆነው በ160 ላይ ብቻ ነው፤ ኬክና ዳቦ የሚጋገሩት ግን በዚያው አካባቢ ስለሆነ ግማሹ ብዙም አያሳስትም።

ከምድጃው ስትርቂ ግን ይህ አይሠራም። እህቴ ስልክ ደውላ «ልጁ 102 አተኮሰው» ብትልሽ በግማሽ አስበሽ 51 ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ። መጀመሪያ 32 ቀንሺ፣ 70 ይቀርሻል፤ ግማሹ 35 ነው፤ የዚህን አንድ ዐሥረኛ ስትጨምሪበት 38 ተኩል ይሆናል። እውነተኛው 39 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ትኩሳት ነው፣ ግን የሰው ትኩሳት ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ኦቨኑ ራሱ እውነት መናገሩና አለመናገሩ ነው። ያረጀ ኦቨን ማዞሪያው 175 እያለ ውስጡ 200 ሊሆን ይችላል፣ መብራት ሲዋዥቅ ደግሞ ከተባለው በታች ይቀራል። ቴርሞሜትር ሳትገዢ በስኳር መፈተን ትችያለሽ። ነጭ ስኳር የሚቀልጠው 186 ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ኦቨኑን 175 ላይ አድርገሽ ሃያ ደቂቃ አሙቂው፤ ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ አድርገሽ መሀል መደርደሪያው ላይ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ተይው። ስኳሩ ነጭ ሆኖ መቅረት አለበት። ከቀለጠ ኦቨንሽ ከሚናገረው በላይ ይሞቃል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አሥር፣ አሥራ አምስት ዲግሪ ዝቅ እያደረግሽ ጋግሪ። ካልቀለጠ ማዞሪያውን ወደ 190 ከፍ አድርገሽ፣ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቀሽ፣ በሌላ ስኳር ድገሚው። አሁን መቅለጥ አለበት። እዚህም ደረቅ ሆኖ ከቀረ ኦቨኑ ሰነፍ ነው፤ ወረቀቱ ከሚለው ጨመር ማድረግ ይኖርብሻል። ስኳሩን ስታወጪ በጣትሽ እንዳትነኪው፣ የቀለጠ ስኳር እጅ ላይ ይጣበቃል።

አንዳንድ ወረቀት ደግሞ ቁጥር አይጽፍም፣ «መካከለኛ እሳት» ብሎ ያልፋል። ይህን ለድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት ስትመጥኚ ለኖርሽው ለአንቺ ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ብቻ በኦቨን ቁጥር መካከለኛ ማለት 180 ገደማ ነው። ቀዝቀዝ ያለው 150 አካባቢ ነው፤ የጋለ ሲሉ ከ200 እስከ 220 ነው። ቅርፊቱ ጠንከር እንዲል የምትፈልጊው ዳቦ የጋለውን ይወዳል፣ ኬክ ግን መካከለኛውን። ኬኩ በተቃራኒው ገርጥቶና መሀሉ ወደ ታች ሰጥሞ ከወጣ፣ ሙቀቱ አንሶበታል ወይም ሳይበስል አውጥተሽዋል።

የሚቀጥለውን ኬክ በ175 መሀል መደርደሪያው ላይ አድርጊው፤ በሩን ግን ገና ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አትክፈቺ፣ ሙቀቱ ያመልጣል። ከዚያ በኋላ ስንጥር ሰክተሽ እዪ፤ ሊጥ ይዞ ከወጣ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሪለት። ኦቨኑ ቤቱን ስለሚያግለው ድሬ ሳትሞቅ በማለዳ ብትጀምሪው ይሻላል። ስኳሩ በስንት ላይ እንደ ቀለጠ ጻፊልኝ፤ ለእህቴም ልንገራትና ወረቀቶቿ ላይ ያንቺን ቁጥር ጎን ለጎን ትጻፍ።

አባባን ሳሚልኝ፣ ጎረቤቶቹንም ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ፣ ከአዲስ አበባ